የመጀመሪያውና የመጨረሻው ፖዝ እኩል ሆነው ሳለ ሉፑ ለምን ይሰናከላል?

አዘጋጇ፦ ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ከራሴ ሥራ የመጣ ነው። ለአንዲት ገጸ ባሕርይ ብሌንደር በተባለው የአኒሜሽን ሶፍትዌር የእርምጃ ሳይክል፣ ማለትም እየተደጋገመ የሚጫወት አካሄድ፣ ሠርቼ ነበር፤ በሰከንድ 24 ፍሬም በሚሄድ ፕሮጀክት ላይ ሁለቱ እርምጃዎች በ24 ፍሬም እንዲያልቁ አደረግሁ። ፍሬም 1 ላይ ያለውን ፖዝ ኮፒ አድርጌ ፍሬም 25 ላይ ለጠፍሁት፣ ፍሬም 13 ላይ ደግሞ ያንኑ ፖዝ ግራና ቀኙን ገልብጬ አስቀመጥሁ። ነገር ግን ሲጫወት ልጅቷ በአንድ በኩል የምታነክስ ትመስላለች።

ባልደረባዋ፦ የምታነክሰው ሁልጊዜ በአንድ እግር ብቻ ነበር?

አዘጋጇ፦ አዎ፣ ቀኝ እግሯ መሬት በሚነካበት ጊዜ ብቻ። ግራው ሲያርፍ ምንም እንከን አይታይበትም፤ እኔን ግራ ያጋባኝም ሁለቱ ፖዞች የአንዱ ግልባጭ ሆነው ሳለ አንዱ ብቻ መበላሸቱ ነው።

ባልደረባዋ፦ እንዲያውም ይህ ልዩነት ምክንያቱን ይነግረናል። ግራው እግር የሚያርፈው ፍሬም 13 ላይ፣ እንቅስቃሴውን በጊዜ በሚያሳየው መስመር፣ በከርቩ፣ መካከል ነው፤ ቀኙ የሚያርፈው ግን ፍሬም 1 ላይ፣ ሉፑ በሚጋጠምበት ስፌት ላይ ነው። የዳሌዋን የከፍታ ከርቭ ብቻ ለይተን እንየው። በየትኞቹ ፍሬሞች ላይ ኪፍሬም፣ ማለትም ቦታውን የሚወስን ነጥብ፣ አስቀምጠሽ ነበር?

አዘጋጇ፦ እግር መሬት ሲነካ፣ ማለትም ፍሬም 1፣ 13 እና 25 ላይ፣ ዳሌው ዜሮ ላይ ነው። ክብደቷን ስትቀበል፣ ፍሬም 4 እና 16 ላይ፣ 3 ሴንቲሜትር ዝቅ ይላል፤ በጣቷ ስትገፋ ደግሞ፣ ፍሬም 10 እና 22 ላይ፣ 3 ሴንቲሜትር ከፍ ይላል።

ባልደረባዋ፦ እንግዲህ ፍሬም 13ን ተመልከቺ። ከሦስት ፍሬም በፊት 3 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ የነበረው ዳሌ ከሦስት ፍሬም በኋላ 3 ሴንቲሜትር ዝቅ ይላል፤ በስድስት ፍሬም 6 ሴንቲሜትር ወረደ ማለት ነው። ስለዚህ ዳሌው ዜሮን የሚያልፈው በፍሬም አንድ ሴንቲሜትር ያህል እየወረደ ነው። አውቶማቲኩ ሃንድል፣ ማለትም ኪፍሬሙ ላይ የከርቩን ዘንበል የሚወስነው እጀታ፣ ግራና ቀኝ ያሉትን ጎረቤት ኪፍሬሞች ስለሚያይ ይህን ቁልቁለት በራሱ ያገኘዋል። ፍሬም 1 ግን በግራው ጎረቤት የለውም፣ ፍሬም 25ም በቀኙ የለውም። ብሌንደር በሁለቱ ጫፎች ላይ አውቶማቲክ ሃንድሎችን አግድም ያስተኛቸዋል፤ የከርቩ ጫፍ ሲተኛ ደግሞ እንቅስቃሴው እዚያ ላይ ቆመ ማለት ነው።

አዘጋጇ፦ እንደዚያ ከሆነ ቦታው ተገጣጥሟል፣ ፍጥነቱ ግን አልተገጣጠመም።

ባልደረባዋ፦ ትክክል ነው። ግራው እግር ካረፈ በኋላ ባለው አንድ ፍሬም ዳሌው ከአንድ ሴንቲሜትር በላይ ይወርዳል፤ ቀኙ ካረፈ በኋላ ግን ሃንድሉ ስለተኛ ከአንድ ሴንቲሜትር በታች ብቻ ይወርዳል። ከስፌቱ በፊት ባሉት ፍሬሞችም እንዲሁ ይዘገያል። ዓይናችን የሚያየው ማንከስ ይህ ነው። ከርቮቹ የሚታዩበትን ግራፍ ኤዲተር ከፍተሽ ፍሬም 13ን ከፍሬም 1 እና ከፍሬም 25 ጋር ብታነጻጽሪ ኖሮ፣ መካከለኛው ሃንድል ወደ ታች አዘንብሎ የጫፎቹ ተኝተው ታገኚያቸው ነበር። እኔ የሰው ሳይክል ስመረምር ከሁሉ በፊት የማየው ይህንን ነው።

አዘጋጇ፦ እኔ የጫፎቹን ሃንድሎች በእጄ ለማዘንበል ሞክሬ ነበር። የዳሌው ተስተካከለ፤ ነገር ግን በአከርካሪው፣ በክንዶቹና በእግሮቹ ላይ ያሉትን ከርቮች ሁሉ እንደዚያ መሥራት የሚዘለቅ አልሆነም።

ባልደረባዋ፦ አያስፈልግምም። ከርቮቹን ሁሉ መርጠሽ ግራፍ ኤዲተር ውስጥ `Shift+E` ተጫኚና `Make Cyclic` የሚለውን ምረጪ። ይህ ከርቩን ከፊትም ከኋላም እንዲደጋገም ያደርገዋል፤ ሃንድሎቹ አውቶማቲክ ሆነው ከቆዩ ደግሞ ብሌንደር ፍሬም 22ን የፍሬም 1 የግራ ጎረቤት፣ ፍሬም 4ን የፍሬም 25 የቀኝ ጎረቤት አድርጎ ይቈጥራቸዋል። ሁለቱም ጫፎች በፍሬም አንድ ሴንቲሜትር የሚወርደውን ቁልቁለት ወዲያው ይይዛሉ። ሃንድሉን ቀደም ብለሽ በእጅሽ ነክተሽው ከሆነ ግን አውቶማቲክነቱን አጥቷልና፣ `V` ተጭነሽ ወደ `Automatic` ወይም ወደ `Auto Clamped` መመለስ አለብሽ።

አዘጋጇ፦ ታዲያ የተኛ ጫፍ ሁልጊዜ ስሕተት ነው ማለት ነው?

ባልደረባዋ፦ አይደለም፣ ይህን ማንሣትሽ ጥሩ ነው። ወደፊትና ወደኋላ የሚወዛወዘውን ክንድ ውሰጂ። ፍሬም 1 ላይ ክንዱ የመጨረሻው የኋላ ጫፍ ላይ ደርሶ አቅጣጫ የሚቀይር ከሆነ፣ እዚያ ላይ ፍጥነቱ በእርግጥም ዜሮ ስለሆነ ሃንድሉ መተኛት ይገባዋል። ብዙ ጀማሪዎች ችግሩን ሳያዩት የሚቈዩት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ ክንዱ ላይ የማይታየው ስሕተት ዳሌው ላይ ይወጣል። ጥያቄው ሃንድሉ ተኝቷል ወይ የሚለው ሳይሆን፣ ያ የሰውነት ክፍል በዚያች ፍሬም ላይ በእርግጥ ቆሟል ወይስ እያለፈ ነው የሚለው ነው።

አዘጋጇ፦ ሃንድሎቹን ካስተካከልሁ በኋላም አንዲት ትንሽ መደናቀፍ ቀርታ ነበር፤ በዚህ ጊዜ ግን የምትታየው በመላ ሰውነቷ ላይ ነበር።

ባልደረባዋ፦ የሚጫወተው ክፍል ከ1 እስከ 25 ነበር?

አዘጋጇ፦ አዎን።

ባልደረባዋ፦ ፍሬም 25 የፍሬም 1 ቅጂ ስለሆነ፣ ሁለቱም ሲጫወቱ አንዱ ሥዕል ሁለት ጊዜ በተከታታይ ይታያል፤ የሰከንድ አንድ ሃያ አራተኛ ያህል ትቆማለች። ፍሬም 25 ከርቩን ለመዝጋት ያስፈልጋል፣ ስለዚህ አይሰረዝም፤ የፕሮጀክቱ መጨረሻ ግን 24 ላይ ይደረጋል። ለቪዲዮ የምታወጪው እንደዚያ ነው። ለጌም ኢንጂን ስታወጪ ግን ነገሩ ይለያል፤ ኢንጂኑ በኪፍሬሞች መካከል ያለውን ቦታ በጊዜ እያሰላ ስለሚሄድ፣ ፍሬም 25ን ካላገኘ ከ24 ወደ 1 የሚያደርሰውን የመጨረሻ ክፍልፋይ ያጣዋል። ስለዚህ ለኢንጂን እስከ 25 ድረስ ማውጣት ይሻላል።

አዘጋጇ፦ አንድ የቀረኝ አለ። ክንዱ ከትከሻው ኋላ ቀረት እንዲል የክንዱን ኪፍሬሞች በሙሉ በ2 ፍሬም ወደ ቀኝ ገፋኋቸው። አሁን የመጀመሪያው ኪፍሬም 3 ላይ፣ የመጨረሻው 27 ላይ ነው። ሳይክሉን አያበላሸውም?

ባልደረባዋ፦ `Make Cyclic` ካለበት አያበላሸውም። በፍሬም 3 እና 27 መካከል ያለው ርቀት አሁንም 24 ስለሆነ፣ ፍሬም 1 እና 2 ላይ የሚታየው ከቀደመው ዙር የመጣው የከርቩ ጭራ ነው። ያ ባይኖር ኖሮ ክንዱ እስከ ፍሬም 3 ድረስ እንደ እንጨት ደርቆ ይቆም ነበር። ሳይክሉን የሚያበላሸው የኪፍሬሙ ስብስብ ተከፋፍሎ ከፊሉ ብቻ ሲንቀሳቀስ ነው፤ የመጨረሻውን ረስተሽ ሌሎቹን ብቻ ብትገፊ የክንዱ ዙር 22 ፍሬም ይሆንና፣ በመጀመሪያው ዙር ምንም ሳይታይ በሁለተኛውና በሦስተኛው ዙር ከእግሩ ጋር ይለያያል። ስለዚህ ሳይክልን ስትፈትሺ ቢያንስ አራት ዙር ያህል፣ እስከ ፍሬም 96 ድረስ፣ አጫውተሽ እዪው።