የጠቆረ የአያት ሐብል እና ሮዝ የሆነ የነሐስ ሰሐን፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

አድማጭ ከሐረር፣ ጁገል፦ «የአያቴ የብር ሐብል ሳጥን ውስጥ ቆይቶ ጠቆረ። የብር እንክብሎቹ መሃል ቢጫ የአምበር ዶቃ አለ። አልሙኒየም ፎይል በሙቅ ውሃ ያነጣዋል ሲሉ ሰማሁ። ልንከረው?»

ሐብሉን አይንከሩት፣ እህቴ። ዘዴው ግን እውነት ነው። ጥቁረቱ ብሩ ከድኝ ጋር ተዋህዶ የሠራው ስስ ሽፋን ነው። ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ፎይል አንጥፈው፣ አንድ ሊትር የፈላ ውሃና አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ይጨምራሉ። ብሩ ፎይሉን ከነካ አልሙኒየሙ ድኙን ይወስድለታል፤ ብሩ እዚያው ይቀራል። የተበላሸ እንቁላል ከሸተተዎት እየሠራ ነው ማለት ነው። ድንጋይና ክር የሌለው አምባር ካለዎት ከሁለት እስከ ሦስት ደቂቃ ይበቃዋል።

ሐብሉ ግን ሌላ ነው። አምበር ሙቅ ውሃ አይወድም፤ ይሰነጠቃል፣ ይደበዝዛል። ክሩ ይበሰብሳል። እንክብሎቹም አብዛኛውን ጊዜ ውስጣቸው ባዶ ነው። በክሩ ቀዳዳ የገባ ውሃ በቀላሉ አይወጣም፤ ቆይቶ ከውስጥ እንደገና ሊያጠቁር ይችላል።

ስለዚህ ቤኪንግ ሶዳ በጥቂት ውሃ እንደ ሊጥ ያድርጉ። በጥጥ ጫፍ ነክተው እንክብሉን ብቻ፣ አንድ በአንድ፣ ሳይጫኑ ይሹት። በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው ወዲያው ያድርቁት። የጥርስ ሳሙና ይቅርብዎ፤ ይጭራል። በጌጡ ቅርጽ ስርጉድ ውስጥ ያለውን ጥቁረት ደግሞ አይንኩት። ቅርጹን የሚያሳየው እሱ ነው። ፎይሉ እሱንም ጠርጎ ሲወስደው ስንት የሚያምር ጌጥ ቆርቆሮ ሲመስል አይቻለሁ!

ሲሹት ከስር ቢጫ ወይም ቀይ ብቅ ካለ ያቁሙ። ጌጡ ብር የተቀባ ነው፤ ቅቡ እያለቀ ነው።

አድማጭ ከድሬዳዋ፦ «የነሐስ ሰሐኔን ሎሚና ጨው ቀብቼ አሳደርኩት። ጠዋት ሮዝ ሆኖ አገኘሁት። ምን ነካው?»

ማሳደርዎ ነው ጥፋቱ። የእርስዎ ቢጫ ሰሐን መዳብና ዚንክ ነው። አሲዱ ሲቆይ ዚንኩን ይበላል፤ ላዩ ላይ የሚቀረው መዳብ ነው፣ ሮዝ የሚያስመስለውም እሱ። ብዙ ጊዜ ስስ ስለሆነ ይለቃል። በሳሙና ያጥቡትና የቤኪንግ ሶዳውን ሊጥ በለስላሳ ጨርቅ ደጋግመው ይሹበት። ሁለት ሦስት ዙር ሊፈልግ ይችላል። ከዚያም ካልለቀቀ ወደ አንጥረኛ ይውሰዱት።

ለሚቀጥለው፣ ግማሽ ሎሚ ጨው ነክተው ይሹት፤ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ በብዙ ውሃ ያለቅልቁት። እዚያው ገበያችሁ ያለው ሁመርም እንደ ሎሚው ይሠራል፣ ግን እሱም አሲድ ነውና አይደር። በደንብ ሳይደርቅ ከተቀመጠ አረንጓዴ ያወጣል። ለጌጥ ብቻ የሚሰቀል ከሆነ፣ ከደረቀ በኋላ በጨርቅ ጫፍ ጥቂት ዘይት ይቀቡት።

ደግሞ አንድ ነገር፦ አዲስ የተገዛ ጌጥ ላይ ቫርኒሽ ተቀብቶ ሊሆን ይችላል። ሎሚው አንዱን ቦታ አብርቶ ሌላውን ካልነካው ቫርኒሹ ነው የከለለው። እሱን በሎሚ አይታገሉት፤ በለብ ያለ የሳሙና ውሃ ብቻ ይጥረጉት።