የሾፌሩ ግራ ጉንጭ

እንደምን አረፈዳችሁ። ሥራችሁን ትታችሁ እዚህ አራት ኪሎ ድረስ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። አብዛኞቻችሁ የታካሚ ፊት በስልክ አንስታችሁ፣ ከሥሩ ሁለት ሦስት መስመር ጽፋችሁ፣ ለቆዳ ሐኪም የምትልኩ ናችሁ። ዛሬ የማወራው ስለነዚያ ሁለት ሦስት መስመሮች ነው። ፀሐይ ያጠቆረውን፣ ጠቃጠቆ የወጣበትን ፊት ስንገልጽ የትኞቹን ቃላት እንምረጥ?

በራሴ ስህተት ልጀምር። ከዓመታት በፊት አንድ የሚኒባስ ሾፌር መጡ። ዕድሜያቸው 52 ነው። ከሜክሲኮ አራት ኪሎ ሲመላለሱ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። ፎቶውን ራሳቸው በስልካቸው የፊት ካሜራ አንስተው ነበር። እኔም ሌላ ሳላነሳ ያንኑ ተቀበልኩና ከሥሩ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ፊታቸው በማድያት የተበላሸ፣ ቀኝ ጉንጫቸው ይብሳል።»

ዓረፍተ ነገሯ አጭር ናት። ስህተቷ ግን ብዙ ነው።

«የተበላሸ» የሚለውን እንየው። ሐኪሙ ከዚህ ቃል ምን ያገኛል? ቦታውን አይነግረውም፤ መጠኑንም፣ ቀለሙንም አይነግረውም። የሚናገረው የእኔን ፍርድ ብቻ ነው። ሾፌሩ ግን ከቃሉ ያገኙት ነገር ነበር። አብራቸው የመጣችው ልጃቸው ወረቀቱን አነበበችላቸው። አንድም ቃል አልተናገሩኝም። ኮፍያቸውን ወደ ዓይናቸው ዝቅ አደረጉና ወጡ። እስካሁን አልረሳውም።

ስለዚህ «የተበላሸ»፣ «ጉድፍ»፣ «የቆሸሸ የሚመስል» የሚሉትን ከመግለጫችን እናውጣ። «ቡራቡሬ»ም እንዲሁ፤ ለድመትና ለዶሮ የምንለው ቃል ነው። «ንጹሕ ፊት»፣ «ጥርት ያለ ቆዳ» የሚሉትንም ጨምሩበት። ምስጋና ይመስላሉ። ግን አንዱ ፊት ንጹሕ ከተባለ ጠቃጠቆ ያለበት ምን ሊባል ነው? «በግንባሩ ላይ የቀለም ልዩነት አይታይም» ብንል ይበቃል።

ሁለተኛው ስህተቴ «ማድያት» ነው። ሰፈር ውስጥ ፊት ላይ የጠቆረ ነገር ሁሉ ማድያት ይባላል። ለሐኪም ግን የምርመራ ውጤት ስም ነው። ማድያት ብዙውን ጊዜ ሰፋ ብሎ፣ በሁለቱም ጉንጮች ላይ በተቀራራቢ መጠን ይወጣል። ግንባርና የላይኛው ከንፈር ላይም ይታያል። ይበልጥ የሚታየው በሴቶች ላይ ነው። እርግዝና ሊያመጣው ይችላል፤ ፀሐይ ታባብሰዋለች። ጠቃጠቆ ሌላ ነው። ትንንሽ ነጠብጣብ ነው፣ አብዛኛው ከ5 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ብዙ ጊዜ በልጅነት ይጀምራል፣ ፀሐይ ሲበዛ ይጠቁራል፣ ሲቀንስ ይፈዛል። ከዕድሜና ከብዙ ዓመት ፀሐይ ጋር የሚመጣው ነጠብጣብ ደግሞ ተለቅ ይላል። ጠርዙ ከዙሪያው ቆዳ በግልጽ ይለያል፣ ወቅት ተለወጠ ብሎም አይጠፋም።

አንድ ሌላ የምንስተው ነገር አለ። ብዙ እናቶቻችንና አባቶቻችን ጉንጫቸው ላይ ትንንሽ ጥቁር ነጥቦች አሏቸው። በጣት ስትነኳቸው ከፍ ያሉ ናቸው። እነሱ ጠቃጠቆ አይደሉም። በጥቁር ሰዎች ቆዳ ላይ የተለመዱ ናቸው። ፍላሽ ፊት ለፊት ሲበራ ግን ጠፍጣፋውና ከፍ ያለው አንድ ይመስላሉ። ታካሚውን በመስኮት ጎን አስቀምጡትና ብርሃኑ ከጎን ይምጣ። ከፍ ያለ ነገር ካለ ትንሽ ጥላ ይጥላል። ፎቶው ካልለየው «ጠፍጣፋ ይሁን ከፍ ያለ ከዚህ ፎቶ አይለይም» ብላችሁ ጻፉ። እንዲህ ያለ መስመር ሐኪሙን ይጠቅመዋል።

ሦስተኛው ስህተቴ «ቀኝ» ያልኩት ነው። ሐኪሙ ፎቶውን አይተው ደወሉልኝ። «ደረታቸው ላይ ያለው ባጅ ፊደሉ ተገልብጧል፣ አይተሽዋል?» አሉኝ። አላየሁትም ነበር። ብዙ ስልኮች በፊት ካሜራ ሲነሳ ምስሉን እንደ መስታወት ገልብጠው ያስቀምጣሉ። ቀኝ ያልኩት ጉንጭ ግራ ነበር።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የእኛ ሾፌር መስኮቱ በግራው ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ወደ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል አይሰማንም እንጂ ቆዳችን ላይ ያርፋል። የጎን መስኮት መስታወት ቆዳን የሚያቃጥለውን ጨረር አብዛኛውን ያስቀራል፤ ቆዳን የሚያጠቁረውን ሌላውን ግን ብዙውን ያሳልፋል። ሾፌሩ መስኮቱን ከፍቶ የሚነዳ ከሆነማ ምንም ከልካይ የለውም። እኔ ግራውን ቀኝ ብዬ፣ ለሐኪሙ ትልቅ ፍንጭ የሚሆነውን አጠፋሁባቸው።

ታዲያ «ከፀሐይ የመጣ» ብዬ ልጽፍ ነበር? አይደለም። በአንድ ወገን ብቻ የሚጠቁር ቆዳ ሌላ ምክንያትም ሊኖረው ይችላል። የእኛ ድርሻ የታየውን መጻፍ፣ ታካሚው የነገረንን ለብቻው ማስቀመጥ ነው። ፀሐይ የማያገኘውን ቦታ፣ ለምሳሌ ከአገጭ ሥርና ከጆሮ ጀርባ፣ አብራችሁ አንሱ። ሐኪሙ ራሱ ያነጻጽራል።

ስለ ቀለምና ስለ መጠን አንድ አንድ ነገር ልበል። «ቡናማ» ብቻ ብሎ መጻፍ አይበቃም። ቢጫ አምፖል ሥር ሁሉም ቡናማ ነው፤ ፊት የሚያለሰልሰው የስልክ ማስዋቢያ ካልጠፋም ጠቃጠቆው ጭራሽ አይታይም። ቀለሙን ከራሱ ከሰውየው ቆዳ ጋር አወዳድሩ፦ «ከአገጭ ሥር ካለው ቆዳ ጠቆር ያለ» በሉ። ጠይም ይሁን ቀይ፣ መለኪያው የራሱ ቆዳ ይሁን። ለመጠን ማስመሪያ ከሌለ ዓይን አለ። በዓይናችን ነጭ መካከል ያለው ባለቀለም ክብ በአዋቂ ሰው ላይ ወደ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት አለው፣ ከሰው ሰውም ብዙ አይለያይም። ነጠብጣቡ የዚያን ሩብ ካከለ 3 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ግምት ነው፣ «በግምት» ብላችሁ ጻፉት።

ሾፌሩን በስልክ ለምኜ መልሼ ጠራኋቸው። በመስኮት ብርሃን፣ በኋላ ካሜራ፣ ከፊት፣ ከግራና ከቀኝ አነሳኋቸው። የጻፍኩት ይህን ነበር፦

«በግራ ጉንጭ አጥንት ላይና ከዓይን ጎን፣ ከአገጭ ሥር ካለው ቆዳ ጠቆር ያለ፣ ጠርዙ ቀስ እያለ የሚጠፋ ሰፊ ቦታ። በላዩ ከአሥር የማያንሱ፣ በግምት ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሆኑ፣ ጠፍጣፋ የሚመስሉ ጥቁር ቡናማ ነጠብጣቦች። በቀኝ ጉንጭ ተመሳሳይ ነጠብጣብ ሦስት። ታካሚው እንደሚሉት ከሃያ ዓመት በላይ መኪና ይነዳሉ፣ መስኮቱ በግራቸው ነው። ነጠብጣቦቹ መቼ እንደጀመሩ አያስታውሱም።»

ከመላኬ በፊት አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡና «ቀኙ ላይ አራት ናቸው፣ አንዷ ጺሜ ውስጥ ናት» አሉኝ። አየሁ፣ እውነታቸውን ነው። አስተካከልኩት።

አሁን ፊት ለፊታችሁ ባዶ ወረቀት አለ። ከጎናችሁ የተቀመጠውን ሰው አስፈቅዳችሁ በመስኮቱ ብርሃን አንሱት። አራት መስመር ጻፉ። ከዚያ ለእሱ አንብቡለት። ከግራ ጉንጭ እንጀምር።