አክሲዮኑ ወጣ፣ ኮሉ ወረደ

ሄኖክ፦ እንኳን በደህና መጣችሁ። ዛሬ የኦፕሽን ዋጋ በምን እንደሚቀየር የሚለኩትን ቬጋን፣ ቴታንና ሮን እናያለን። በተለይ ሮን።

ሜሮን፦ ባለፈውም «በተለይ ሮን» ብለህ ነበር።

ሄኖክ፦ ዛሬ የምሬን ነው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ልንገርሽ።

ሜሮን፦ (ሳቅ) ይኸው ጀመረ።

ሄኖክ፦ የመጀመሪያ ኮሌን የገዛሁት አንድ ኩባንያ የሩብ ዓመት ውጤቱን ሊያሳውቅ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። አክሲዮኑ 100 ዶላር ነበር። ስትራይኩ፣ ማለትም የምገዛበት የተወሰነው ዋጋ፣ እሱም 100። 30 ቀን ቀርቶታል። በቃ፣ እስከዚያ ድረስ በ100 ዶላር የመግዛት መብት ነው የገዛሁት። ዋጋው 7.05። አንድ ኮንትራት 100 አክሲዮን ስለሆነ 705 ዶላር ከፈልኩ። በማግስቱ ውጤቱ አሪፍ ሆነ፤ አክሲዮኑ 102 ገባ። እየፈነደቅኩ ስልኬን ስከፍት ኮሉ 5.28 ይላል።

ሜሮን፦ አክሲዮኑ ወጥቶ?

ሄኖክ፦ ወጥቶ! 177 ዶላር በአንድ ሌሊት በነነ። አፑ ተበላሽቷል ብዬ አጥፍቼ ከፈትኩት።

ሜሮን፦ ሁለት ጊዜ ነው ያልከኝ ያኔ።

ሄኖክ፦ ሦስት ጊዜ። ጥፋተኛዋ ቬጋ ናት። የኦፕሽን ዋጋ ውስጥ አክሲዮኑ ወደፊት ምን ያህል ይዋዥቃል የሚል ግምት አለ። ከውጤቱ በፊት ማንም ምን እንደሚመጣ ስለማያውቅ ግምቱ 60 በመቶ ደርሶ ነበር። ውጤቱ ሲታወቅ ወደ 35 ወረደ። የኔ ኮል ቬጋ 11.4 ሳንቲም ነበር። ግምቱ በአንድ ነጥብ በወረደ ቁጥር ኮሉ 11.4 ሳንቲም ያጣል። 25 ነጥብ ወረደ። አባዢው።

ሜሮን፦ 2.85 ዶላር።

ሄኖክ፦ አክሲዮኑ በ2 ዶላር መውጣቱ የሰጠኝ ግን 1.09 ብቻ ነው። አክሲዮኑ በአንድ ዶላር ሲወጣ ኮሉ የሚጨምረው፣ ማለትም ዴልታው፣ 0.544 ስለነበር። አንድ ቀን በማለፉ ደግሞ ቴታ 12 ሳንቲም ወሰደች። ስትደምሪው ስትቀንሺው 5.17 ይመጣል።

ሜሮን፦ 5.28 ነው ያልከው እኮ።

ሄኖክ፦ 11 ሳንቲሟ አትጥፋሽ! እነዚህ ቁጥሮች ለትንሽ ለውጥ ነው የሚያገለግሉት። ለውጡ ትልቅ ሲሆን ራሳቸውም ይቀየራሉ። ግን የኪሳራው መንስኤ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በዚያ ጠዋት ሳልከስር ለመውጣት አክሲዮኑ ከ104.50 በላይ መድረስ ነበረበት። ይህን ሳልገዛ በፊት ማስላት እችል ነበር። የቀጣዮቹን ወራት ኦፕሽኖች ግምት ባይ ኖሮ፣ የቅርቡ ምን ያህል እንዳበጠ ይገባኝ ነበር።

ሜሮን፦ ቬጋ ግን የግሪክ ፊደል አይደለችም አይደል?

ሄኖክ፦ አይደለችም! «ግሪኮች» ከሚባሉት መሃል ሰርጋ የገባች ናት። ምልክቷን ኑ ከሚባለው የግሪክ ፊደል ነው የተዋሰችው።

ሜሮን፦ ሐሰተኛዋ ግሪክ 177 ዶላርህን በላችው።

ሄኖክ፦ (ሳቅ) ቴታ ግን እውነተኛ ናት፤ በየቀኑ ትነክሳለች። ግምቱ 35 በመቶ ሆኖ አክሲዮኑ 100 ላይ ቢቆም፣ 30 ቀን የቀረው ኮል በቀን 7 ሳንቲም ያህል ያጣል። 5 ቀን የቀረው 17 ሳንቲም። ያውም ዋጋው 1.67 ብቻ ሆኖ። በቀን አንድ አሥረኛው ይሄዳል ማለት ነው።

ሜሮን፦ ቅዳሜና እሁድም? ገበያው ዝግ ነው እኮ።

ሄኖክ፦ ቀመሩ ይቆጥራል።

ሜሮን፦ ታዲያ ዓርብ ማታ ሸጬ ሰኞ ብገዛ አተርፋለሁ።

ሄኖክ፦ ሻጮቹም ያውቁታል፤ ዓርብ ላይ ዋጋውን ቀድመው ዝቅ ያደርጉታል።

ሜሮን፦ ሁልጊዜ ሙሉ በሙሉ?

ሄኖክ፦ እ… ሙሉ በሙሉ አልልም።

ሜሮን፦ እንግዲያው ትንሽ ትክክል ነኝ።

ሄኖክ፦ ትንሽ። ግን ሰኞ ጠዋት ዜና ይዞ አክሲዮኑ ቢዘል፣ ሻጭ ነሽና ያለሽን ሁሉ ይበላሻል።

ሜሮን፦ እሺ፣ ሮስ? ሰዓቱ እያለቀ ነው።

ሄኖክ፦ ሮ ወለድ ናት። የኔ የ30 ቀን ኮል ሮዋ 4 ሳንቲም አካባቢ ነበር። ወለድ በአንድ ሙሉ ነጥብ ቢወጣ ኮሉ በ4 ሳንቲም ይጨምራል። ማንም ልብ አይላትም።

ሜሮን፦ ይቺን ነው ሁለት ሳምንት ያስጠበቅከን?

ሄኖክ፦ ቆይ! አንድ ዓመት የቀረው ኮል ውሰጂ። አክሲዮኑ 100፣ ስትራይኩ 100፣ የመዋዠቅ ግምት 20 በመቶ፣ ወለድ 5 በመቶ። ዋጋው 10.45። ወለዱ 6 ቢሆን 53 ሳንቲም ይጨምራል። ፑቱ፣ ማለትም በ100 የመሸጥ መብቱ፣ ደግሞ ከ5.57 ላይ 42 ሳንቲም ያህል ያጣል።

ሜሮን፦ ኮሉ ለምን ይጨምራል?

ሄኖክ፦ ኮል የያዘ ሰው 100 ዶላሩን ዛሬ አይከፍልም። ብሩ እስከዚያ ወለድ ይወልድለታል። ወለድ ሲወጣ ደግሞ ክፍያን ማዘግየት ዋጋው ይጨምራል።

ሜሮን፦ ፑቱስ?

ሄኖክ፦ ግልባጩ ነው፤ 100ውን ተቀባዩ እሱ ነው፣ መጠበቅ ያለበትም እሱ። ዝርዝሩን በሚቀጥለው…

ሜሮን፦ በተለይ ሮን!