አርባ ካሬ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ስለ አንድ የወላጆች ስብሰባ ላውራችሁ። ባለፈው ሰኔ የ7ኛ ክፍል ተማሪዎቼን የሒሳብ ውጤት ለወላጆች እንዳስረዳ አሥር ደቂቃ ተሰጠኝ።

ማታ ቤት የሠራሁት የመጀመሪያው ግራፍ ሁለት ባር ብቻ ነበረው። የአንደኛ ሴሚስተር አማካይ 62፣ የሁለተኛው 64። የቁመቱን መስመር ከ60 ስለጀመርኩት ሁለተኛው ባር የመጀመሪያውን እጥፍ ሆኖ ታየ። ልዩነቱ ግን ሁለት ነጥብ ነው፤ ከዜሮ ብጀምር ኖሮ ባሮቹ እኩል ሊመስሉ ምንም አይቀራቸውም ነበር። ይህን ይዤ ወላጅ ፊት መቆም ውሸት መሰለኝና ቀደድኩት።

ሮስተሩን አወጣሁና በትልቅ ወረቀት ላይ ለእያንዳንዱ ልጅ አንዳንድ ካሬ ሣልኩ። ስም የለበትም፤ የየልጁን ውጤት በተጣጠፈ ወረቀት ለየወላጁ ለብቻ ሰጥቻለሁ። አርባ ልጅ፣ አርባ ካሬ። በአንደኛው ሴሚስተር ከ50 በታች 6፣ ከ50 እስከ 74 ያሉት 26፣ ከዚያ በላይ 8። በሁለተኛው ደግሞ 11፣ 15 እና 14። አማካዩ የደበቀው ይህን ነበር።

ስብሰባው ላይ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ሰቀልኳቸው። ፊት የተቀመጡ አንዲት እናት፣ ማንበብ እንደማይችሉ ቀደም ብለው ነግረውኛል፣ ተነሥተው ካሬዎቹን በጣታቸው ቆጠሩ። ከዚያ ዞር አሉና፣ «መምህር፣ ከመሃል የጎደሉት 11 ልጆች የት ሄዱ?» አሉኝ።

እኔም ልናገር ያሰብኩት እሱን ነበር። «ስድስቱ ወጡ፣ አምስቱ ወረዱ፣ እናቴ» አልኳቸው።

የወረዱትን አምስቱን የፈተና ወረቀት አንድ በአንድ አይቼው ነበር። በሁለተኛው ሴሚስተር እኩልታ ተማርን፤ እኩልታው ውስጥ ክፍልፋይ ሲገባ አራቱ እዚያው ላይ ቆሙ። አንድ ሁለተኛና አንድ ሦስተኛ ሲደምሩ ላዩን ከላይ፣ ታቹን ከታች ደምረው ሁለት አምስተኛ ይጽፋሉ። ከታች ክፍል ይዘውት የመጡት ስሕተት ነው። እስከዚያ ድረስ ስላልተፈተነ አልታየም፤ እኔም በመስከረም መፈተን ነበረብኝ። ይህን ሳልሸሽግ ተናገርኩ።

ሁለቱ ፈተናዎች በክብደት አንድ አለመሆናቸውንም ነገርኳቸው። ምክንያቱ የሁለተኛው መክበድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን ብዙዎቹ ዝቅ ይሉ ነበር እንጂ ስድስት ልጅ ይወጣል ብሎ መጠበቅ ይከብዳል።

እናትየው አሁንም አልተቀመጡም። «ሁለት አምስተኛው ምኑ ነው ስሕተቱ?» አሉ። ክብ ሣልኩና፣ «እንጀራ ነው እንበል። ግማሹን ወሰዱ፣ ሲሶውን ጨመርኩልዎ። ሁለት አምስተኛ ማለት ግን ከግማሽም ያነሰ ነው» አልኳቸው።

«ጨምረውልኝ አነሰብኝ?» አሉ። ከኋላ አንድ አባት ደብተር አውጥተው ክቡን መገልበጥ ጀመሩ።