ሰኞ ጠዋት የሚያመው ሆድ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነው የማወራችሁ።

የልጆች ሐኪም ነኝ። ትምህርት በተከፈተ ቁጥር አንድ ዓይነት ልጆች ይመጡልኛል። ጠዋት ዩኒፎርም ሲለብሱ ሆዳቸውን ይይዛሉ። ሰርቪሱ ካለፈ በኋላ ቀስ እያለ ይለቃቸዋል። ረፋዱ ላይ ኳስ ሲጫወቱ ይገኛሉ። ወላጅ ታዲያ ከሁለት አንዱን ያስባል፤ ወይ የተደበቀ ከባድ በሽታ አለ፣ ወይ ልጁ እየዋሸ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም አይደለም።

አንድ ልጅ ላንሳላችሁ። እንዳይታወቅ ጥቂት ነገር ቀይሬያለሁ። የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነው። ክረምት ላይ ተቅማጥ ይዞት ታክሞ ድኗል። መስከረም ላይ ግን ሆዱን ያመው ጀመር። ሰገራ ተመረመረና «አሜባ ነው» ተባለ፤ መድኃኒት ወሰደ። ትንሽ ቆይቶ ተመለሰበት። ሌላ ቦታ «ጃርዲያ ነው» ተባለ፤ ሌላ መድኃኒት። በመጨረሻ አልትራሳውንድ ተነሳና ወረቀቱ ላይ «አንጀት አካባቢ ትናንሽ ንፍፊቶች ታይተዋል» የሚል ተጻፈ። እናትየው ያን ካነበበች ወዲህ እንቅልፍ የላትም።

እዚህ ጋ ልቁም። እንደዚያ ያሉ ትናንሽ ንፍፊቶች ምንም ባላመማቸው ጤነኛ ልጆች ሆድ ውስጥም ይታያሉ። ምርመራ ሲበዛ እንዲህ ያለ ትርጉም የሌለው ግኝት መምጣቱ አይቀርም። ፍርሃቱ ግን እውነተኛ ነው፣ ልጁም ያየዋል።

ልጁን «የት ነው የሚያምህ? በአንድ ጣትህ አሳየኝ» አልኩት። ጣቱን ትቶ ሙሉ መዳፉን እምብርቱ ላይ ዘረጋ። ይሄ ለሐኪም ብዙ ይናገራል። በፈረንጆቹ 1958 ጆን አፕሌይ እና ኖራ ናይሽ የሚባሉ ሐኪሞች እንግሊዝ አገር አንድ ሺህ ተማሪዎችን አጥንተው ነበር። ከአሥሩ አንዱ ገደማ ቢያንስ በሦስት ወር ጊዜ ውስጥ ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ የዕለት እንቅስቃሴውን የሚያውክ የሆድ ሕመም ነበረበት። አፕሌይ ሆስፒታል የመጡትን እንዲህ ያሉ ልጆች ሲመረምር ደግሞ የአካል በሽታ ያገኘው በጥቂቶቹ ላይ ብቻ ነው። ሕመሙ ከእምብርት በራቀ ቁጥር በሽታ የመኖሩ ዕድል ይጨምራል የሚለውም የእሱ ትዝብት ነው። ፍጹም ሕግ አይደለም፤ እኔ ግን ዛሬም እጠቀምበታለሁ።

ከዚያ የእድገት ካርዱን አየሁ። ክብደቱም ቁመቱም በመስመሩ ላይ እየሄደ ነው። ሌሊት ሕመሙ አይቀሰቅሰውም። ሰገራው ላይ ደም የለም። አያስመልሰውም፣ አያተኩሰውም። ቅዳሜና እሁድ ሰላም ነው፣ እሁድ ማታ ላይ ይጀምረዋል። ወስፋትም ጃርዲያም ደግሞ የሳምንቱን ቀን አይቆጥሩም። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ሌላ ቢሆን፣ ልጁ ቢከሳ ወይም እድገቱ ቢቆም፣ ደም ቢታይ፣ ሕመሙ ከእንቅልፍ ቢያስነሳው ወይም በታችኛው የሆድ ቀኝ በኩል ቢጸና፣ ወሬዬ ሁሉ ይቀየር ነበር። እንደዚያ ከሆነ ሳይቆዩ ሐኪም ማየት ነው።

ሁለት ተራ ነገሮችንም ጠየቅኩ፤ ብዙ ጊዜ ይዘለላሉ። አንዱ ወተት ነው። ጠዋት በትምህርት ቀን ብቻ ወተት የሚጠጣ ልጅ ሆዱ ወተት የማይፈጭ ከሆነ የሰኞ ሕመም ይኖረዋል። ሁለተኛው ሽንት ቤት ነው። የትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት ስለሚቆሽሽ ወይም በሩ ስለማይዘጋ ቀኑን ሙሉ ሰገራቸውን ይዘው የሚውሉ ልጆች አሉ። እነሱ ሆዳቸው ደርቆ ነው የሚያማቸው። የእኛ ልጅ ሁለቱም የለበትም።

እና ምንድን ነው? አንጀት የራሱ የነርቭ መረብ አለው፣ ከአንጎል ጋርም በሁለቱም አቅጣጫ መልእክት ይለዋወጣል። ሰው ሲፈራ ጨጓራው ምግብ ማሳለፉን ያዘገያል፣ ትልቁ አንጀት ደግሞ ይፈጥናል። ይሄ በሁላችንም ላይ የሚሆን ነው። አንዳንድ ልጆች ላይ ግን፣ በተለይ ከተቅማጥ በኋላ፣ ነርቮቹ ንቁ ሆነው ይቀራሉ። ተመራማሪዎች አንጀት ውስጥ ትንሽ ፊኛ አስገብተው ቀስ እያሉ ሲነፉ፣ እነዚህ ልጆች ሌላው ልጅ ምንም በማይመስለው ግፊት ያማቸዋል። ስለዚህ ልጁ አልዋሸም። አንጀቱ ላይ ቁስል የለም፣ ሕመሙ ግን አለ። የፊኛውን ነገር የምነግራችሁ «ምንም የለበትም» የሚለውን ቃል ስለማልወደው ነው። ልጁ ሲሰማው «አላመኑኝም» ማለት ነው ለእሱ።

ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ የነገረን እሱ ራሱ ነው፣ ያውም እናቱ ወደ ውጭ ከወጣች በኋላ። በሕክምናው ምክንያት ብዙ ቀን ቀርቷል። ሲመለስ ሒሳብ ላይ ማካፈል ጀምረዋል። ቲቸሯ ሰሌዳ ላይ አስወጣችው፣ አልቻለም፣ ልጆቹ ሳቁ። ሲቀር ትምህርት ያመልጠዋል፣ ሲያመልጠው ይፈራል፣ ሲፈራ ያመዋል፣ ሲያመው ይቀራል።

አሁን ወላጅ ደስ ወደማይለው ክፍል ልምጣ። በፈረንጆቹ 2006 ሊን ዎከር እና ባልደረቦቿ አሜሪካ ውስጥ ሆዳቸውን የሚያማቸውንም ጤነኞቹንም ልጆች ሆዳቸው እስኪወጠር ውኃ አጠጡ። ከዚያ አንዳንዶቹን ወላጆች «ስለ ሕመሙ ጠይቁት፣ አጽናኑት» አሏቸው። ሌሎቹን «ወሬ ቀይሩ» አሏቸው። የተቀሩትን ምንም አላሏቸውም። ምንም ካልተባሉት ጋር ሲተያይ፣ በተጠየቁት ልጆች ላይ የሕመም ስሞታው ወደ እጥፍ ተጠጋ፤ ወሬ በተቀየረላቸው በግማሽ ቀነሰ። የሚገርመው ይሄ ነው፦ የሚያማቸው ልጆች ወላጆች ወሬ መቀየር ልጁን ይጎዳዋል ብለው ሰጉ፤ ልጆቹ ግን የተሻለ ስሜት የሰጣቸው እሱ እንደሆነ ተናገሩ።

እናትየውን ይሄን ስነግራት «ታዲያ ሲያመው ዝም ልበለው?» አለችኝ። ዝም አይደለም። ሲናገር «አውቃለሁ፣ ያማል፣ ይለቅሃል» ብሎ ጫማውን ማሰር ነው። ገና ከእንቅልፉ ሳይነሳ «ዛሬስ ሆድህ እንዴት ነው?» ማለቱን ግን ትተወው። አያቱም እንዲተዉት ነገረቻቸው፤ እሱ እንኳ ቀላል አልነበረም።

ሌላው ስምምነት ይሄ ነበር። ሕመሙ ቢኖርም ይሄዳል። ቢብስበት አሥር ደቂቃ ያህል ክፍሉ ጥግ ቁጭ ብሎ እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ በዝግታ ይተነፍሳል፣ ከዚያ ይመለሳል፤ ወደ ቤት አይደወልም። የግድ ከቀረም ቴሌቪዥንና ስልክ የለም፣ ማረፍ ብቻ። ቲቸሯ ለጊዜው ሰሌዳ ላይ ላታስወጣው ተስማማች። ማካፈሉን ደግሞ አጎቱ ማታ ማታ ያስጠናው ጀመር። እኔን ብትጠይቁኝ ከመድኃኒቱ ሁሉ የበለጠው ይሄ ነው።

መጀመሪያው ሳምንት ላይ ባሰበት። ይሄ የሚጠበቅ ነው፤ ብዙ ቤተሰብ የሚተወውም እዚያ ጋ ነው። ከዚያ መቅረቱ ቀነሰ፣ ሕመሙ ግን ቆይቶ ነው የቀነሰው። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ኑሮው ይመለሳል፣ ሆዱ ኋላ ይከተላል። አንዳንድ ልጆች ላይ ሕመሙ ለዓመታት ይመላለሳል፤ ጭንቀቱ ከበረታ የሥነ ልቦና ባለሙያ ያስፈልጋል። የእኛ ልጅ አሁንም ፈተና ሲደርስ ያመዋል፣ ግን ቁጭ ብሎ ይፈተናል።

በሚቀጥለው ክፍል ያንን የሽንት ቤቱን ጉዳይ ለብቻው አነሳዋለሁ። ደህና ሁኑ።