አርሶ አደር የት አደረ?

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ዋላችሁ፣ እንዴት አመሻችሁ፣ እንዴት አደራችሁ፣ መቼ እንደምትሰሙኝ ስለማላውቅ ሁሉንም ብያችኋለሁ። ዛሬ የማወራው ስለዚችው ስለመጨረሻዋ ነው፣ ስለ አደረ። ግን ብቻውን ሲሆን ሳይሆን ከሌላ ቃል ጋር ተጣብቆ ሲመጣ፣ አርሶ አደር፣ አርብቶ አደር፣ ላብ አደር፣ ወዛደር፣ ሆድ አደር ሲባል። ትምህርት ቤት ጥምር ቃል ይሉት የነበረው ማለቴ ነው።

ነገሩን ያመጣው የእህቴ ልጅ ነው። ጥምር ቃላትን ነጣጥላችሁ ትርጉማቸውን ጻፉ የሚል የቤት ሥራ ተሰጥቶት አርሶ አደር የሚለውን ሁለት ቦታ ከፍሎ "አርሶ ያደረ ሰው፣ ማለትም ቀን አርሶ ማታ የተኛ" ብሎ ጻፈ። እኔ ሳቅኩ፣ እሱ ግን ኮስተር ብሎ "ታዲያ አደረ ማለት ምንድነው?" አለኝ። እውነቱን ነው እኮ፣ ማታ የማይተኛ ማን አለ፣ እኔም ፖድካስት ቀርጬ አድራለሁ፣ ቀርጾ አደር አይሉኝም።

እና ደግሞ እኔ የምኖርበት ሰፈር ይሄን ቃል በቀን በቀን ነው የምንሰማው። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ነኝ፣ ኮንዶሚኒየሙ ካለቀበት ወዲያ ማሳ ነው፣ ከማሳው ወዲያ ደግሞ ደላላ ነው ማለት ይቻላል፣ እና ደላላው ቦታ ሲያሳይህ "የአርሶ አደር ይዞታ ነው" ይልሃል። እዛ ጋ ስለ ማረስ ማንም እያወራ አይደለም፣ የወረቀቱን ዓይነት ነው የሚነግርህ፣ መጠንቀቅ አለመጠንቀቅ ያንተ ነው። የብሎካችን የሌሊት ዘበኛም መሬቱ ለግንባታ ከመሄዱ በፊት እዚሁ አካባቢ ያርሱ ነበር፣ አሁንም ስለራሳቸው ሲያወሩ አርሶ አደር ነኝ ነው የሚሉት። አንድ ቀን ታዲያ እየሳቁ "ድሮ አርሼ ነበር የማድረው፣ አሁን አድሬ ነው የምበላው" አሉኝ። እኔ ከዛ ወዲህ ነው መዝገበ ቃላት ያወረድኩት።

እሺ፣ እንዴት ነው የሚፈለገው? መጀመሪያ ማወቅ ያለባችሁ፣ የድሮዎቹ መዝገበ ቃላት ብዙውን ጊዜ በግሱ ነው የሚሰሩት፣ ማለት አርሶ አደርን ለብቻው አርእስት አድርገው ላይሰጧችሁ ይችላሉ፣ አረሰ ስር ወይም አደረ ስር ነው ገብቶ የሚገኘው። ስለዚህ የትኛው ግማሽ ነው ትርጉሙን የሚሸከመው ብላችሁ መጠየቅ አለባችሁ። እኔ ቤተሰቡን ደርድሬ አየሁት። አርሶ አደር፣ አርብቶ አደር፣ ላብ አደር፣ የፊተኛው ይቀያየራል፣ አደር ግን ቁጭ ብሏል። ስለዚህ መልሱ ያለው አደረ ጋ ነው ማለት ነው፣ ሌላው ምን አድርጎ እንደሚያድር ነው የሚነግርህ።

አደረ ጋ ስትሄዱ ደግሞ መጀመሪያ የምታገኙት ሌሊቱን አሳለፈ የሚለውን ነው፣ እዛ ጋ ካቆማችሁ የእህቴ ልጅ መልስ ነው የሚወጣላችሁ። ወረድ በሉ። ወረድ ስትሉ ኖረ፣ ተቀመጠ የሚል አለ። ይሄ ደግሞ አዲስ የመጣ ትርጉም አይደለም፣ እንደውም የጥንቱ እሱ ነው። ግዕዙ ኀደረ ነው፣ በብዙኃን ኀ፣ ስለዚህ የግዕዝ መዝገበ ቃላት ላይ አ ጋ ብትፈልጉት አታገኙትም፣ ኀ ጋ ነው፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው ተስፋ ቆርጦ የሚዘጋው። ማኅደር የሚለውም ከዚሁ ነው፣ መጽሐፉ የሚያድርበት፣ አሁን ቢሮ ውስጥ ፋይል የሚያድርበት። ቤተ ክርስቲያን የምትሄዱ ደግሞ "ቃል ሥጋ ኮነ ወኀደረ ላዕሌነ" ሲባል ሰምታችኋል፣ የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 1 ቁጥር 14 ነው፣ አማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ላይም "በእኛ አደረ" ነው የሚለው። አንድ ሌሊት ተኝቶ ሄደ ማለት አይደለም መቼስ።

ከዛ ደግሞ ከመኖር ወደ መተዳደር ይሄዳል። ተመልከቱ፣ "መተዳደሪያህ ምንድነው" ስንል በምን ትኖራለህ፣ እንጀራህ ከየት ነው ማለታችን ነው። መተዳደሪያ፣ ትዳር፣ አስተዳደር፣ ሁሉም አንድ ቤት ናቸው፣ ሁሉም የአደረ ልጆች። ስለዚህ አርሶ አደር ማለት አርሶ የሚተዳደር፣ አርብቶ አደር ከብት አርብቶ የሚተዳደር። በቃ፣ ሌሊቱ እዚህ ውስጥ የለም።

ይሄን ይዤ ዘበኛው ጋ ሄድኩ፣ ምን አሉኝ መሰላችሁ፣ "በኦሮምኛውስ ያው አይደል እንዴ!" እውነትም ያው ነው! ገበሬ በኦሮምኛ ቆቴ ቡላ ነው፣ ቆቴ አርሶ፣ ቡላ የሚያድር። አርብቶ አደር ሆርሲሴ ቡላ። ጠዋት ስትገናኙ አካም ቡልቴ ትላላችሁ፣ እንዴት አደርክ ነው፣ ያው ቡሌ የምትለዋ ነች። አስተዳደር ደግሞ ቡልቺንሳ ነው፣ እሱም ከማደር። ሁለቱ ቋንቋዎች ከማደር ተነስተው መኖር ጋ፣ ከመኖር መተዳደር ጋ፣ ከዛ አስተዳደር ጋ ደርሰዋል፣ አንዱ ከአንዱ ይውሰድ አይውሰድ እሱ ሌላ ወሬ ነው፣ ግን እዚህ ሰፈር ለሚኖር ሰው በየቢሮው በር ላይ በሁለቱም ቋንቋ ተጽፎ የሚያየው ነገር ነው፣ እኔ ስንት ጊዜ በስሩ አልፌ ልብ ብዬው አላውቅም ነበር።

አሁን ሆድ አደር ጋ እንምጣ፣ እኔ በጣም የወደድኩት እሱ ነው። ላብ አደር በላቡ የሚያድር ነው፣ ደስ ይላል፣ ክብር አለው። በዛው ሂሳብ ሆድ አደር በሆዱ የሚያድር መሆን ነበረበት፣ ግን አይደለም፣ ለሆዱ ያደረ ነው። አያችሁ፣ ጥምር ቃል ሲሰራ በ እና ለ ይጠፋሉ፣ ሰሚው ነው ከራሱ የሚሞላቸው። ለ ስትገባ ደግሞ አደረ ሌላ ትርጉም አለው፣ ለጌታ አደረ ሲባል ገባለት፣ ሎሌው ሆነ፣ ታዘዘለት ማለት ነው። ስለዚህ ሆድ አደር ሆዱን ጌታ አድርጎ የሚያገለግል ነው፣ ለጥቅሙ ሲል ያመነበትን የሚሸጥ። ብዙ የሚበላ ሰው አይደለም፣ እሱ ሆዳም ነው። ሆዳም እንግዳ ጠርተህ ብትስቅበት ይስቃል፣ ሆድ አደር ብትለው ግን ተጣልታችኋል። ሁለቱንም ሆድ ስር ፈልጋችሁ አንድ ናቸው ብላችሁ እንዳትመለሱ።

ላብ አደር እና ወዛደር ግን በትርጉም ያው ናቸው፣ ከ1966ቱ አብዮት ወዲህ ፕሮሌታሪያት የሚባለውን የፈረንጅ ቃል በአማርኛ ለማለት በሁለቱም ይጻፍ ነበር። ወዝ ያው የሰውነት ቅባትና ላብ ነው፣ ደሞዝ ውስጥም አለ፣ ደም እና ወዝ፣ ደመወዝ። ደሞዝ ስትቀበሉ ደማችሁን ማንም አያስታውሰውም፣ እሱን ተዉት።

አንድ ጥምር ቃል መሆኑ የሚታወቅበት ደግሞ አለ፣ እሱን ለእህቴ ልጅ ሳስረዳው ነው ለራሴም የገባኝ። አርሶ ቦዝ አንቀጽ ነው፣ እሱ አርሶ፣ እሷ አርሳ፣ እነሱ አርሰው ይላል። ዓረፍተ ነገር ከሆነ "አርሳ አደረች"፣ "አርሰው አደሩ" ትላለህ፣ ያኔ እውነትም ሌሊት ሊሆን ይችላል። ጥምር ቃል ከሆነ ግን አርሶ አይነቃነቅም፣ ሴትም ብትሆን ሴት አርሶ አደር ነች፣ አርሳ አደር የሚል የለም፣ ሲበዙም አርሶ አደሮች እንጂ አርሰው አደሮች አይባልም። መጨረሻው ላይ ብቻ ነው የሚቀጠለው፣ መሀሉ ላይም ምንም አይገባም፣ "አርሶ በደንብ አደር" ብትል ሰው ያይሃል።

የተዋጡት ናቸው አስቸጋሪዎቹ። ወዛደር ስትሉ አደር መኖሩ ሊያመልጣችሁ ይችላል ምክንያቱም አ ከዝ ጋር ሆና ዛ ሆናለች። ስለዚህ ቃሉ አልፈታ ሲላችሁ መሀል ላይ ያለችውን ራብዕ ፊደል ፈልጉና ሁለት ቦታ ክፈሏት፣ ዛ ወደ ዝ እና አ፣ ወዝ አደር ይወጣል። ይሄ ሁሌ ግን አይሰራም። ወታደርን በዚህ ብትፈቱት ወት አደር ነው የሚወጣው፣ ወት የሚል ቃል ደግሞ የለም። እዚህ ጋ በጽሑፉ ሳይሆን በአፋችሁ ነው መሄድ ያለባችሁ፣ ወጥቶ የሚለውን ቶሎ ስትሉት ወቶ ነው የምትሉት፣ ጥ ትጠፋለች፣ ወቶ አደር፣ ወታደር። አብዛኛው ጊዜ የሚሰጠው ማብራሪያ ይሄ ነው፣ ከቤቱ ወጥቶ የሚያድር። እና አስቡት፣ ከዚህ ሁሉ ቤተሰብ ውስጥ ሌሊቱ ያልጠፋው እዚህ ጋ ነው፣ ወታደር እውነትም ውጭ ነው የሚያድረው።

ኦንላይን ስትፈልጉ ደግሞ አንዱ አርሶ አደር ብሎ ለያይቶ ይጽፋል፣ አንዱ አርሶአደር ብሎ ያጣብቃል፣ አንዱ ጭረት ያስገባል፣ ሰርቹ ደግሞ እንደየዓይነቱ ለየብቻ ሊቆጥረው ይችላል፣ በአንዱ ያጣችሁትን በሌላው ሞክሩ። የቆዩ ጽሑፎች ላይ ወዛደር ካጣችሁ ወዝ አደር፣ ወዝአደር በሉት። የእህቴ ልጅ ለማንኛውም "አርሶ የሚተዳደር" ብሎ አስተካክሎ ወሰደው፣ አስተማሪው ራይት አደረገለት፣ ከስሩ ግን በቀይ እስክሪብቶ "ሴተኛ አዳሪስ?" ብሎ የጠየቀው የለም እግዚአብሔር ይመስገን፣ እሱን እኔ ለልጅ አላብራራም። በሉ ቻው።