ከሬሾው በፊት የተሰብሳቢው ዕድሜ ይታይ

የተከበራችሁ የሂሳብና የብድር ባለሙያዎች፣ የተከበራችሁ የጎንደር ነጋዴዎች፤

በዚህ የሥልጠና መዝጊያ ላይ ስለ ከረንት ሬሾና ስለ ኩዊክ ሬሾ እንድናገር ስትጋብዙኝ ደስ ብሎኝ የተቀበልኩት፣ በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ስም የሚሰጥ ፍርድ ለረጅም ጊዜ ሲያስቆጨኝ ስለኖረ ነው። ስሌቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከረንት ሬሾ በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ ጥሬ ገንዘብ ይለወጣል የተባለውን ሀብት በአንድ ዓመት ውስጥ ለሚከፈለው ዕዳ ማካፈል ነው፤ ኩዊክ ሬሾ ደግሞ ከዚያው ሀብት የዕቃ ክምችትንና ቅድሚያ የተከፈሉ ወጪዎችን ቀንሶ ያካፍላል። መጋዘን ያለ ዕቃ ገና ገዥ የሚጠብቅ ሲሆን ተሰብሳቢ ሂሳብ ግን ለገንዘብ አንድ እርምጃ ይቀርበዋል ከሚል ግምት የተነሳ ነው። የዛሬው ነገሬም ይህ ግምት በከተማችን ስንት ጊዜ እንደሚሳሳት ማሳየት ነው።

ሁለት የብድር ማመልከቻዎች በአንድ ባንክ ጠረጴዛ ላይ ሲቀርቡ አይቻለሁ፤ ቁጥሮቹን ለአነጋገር እንዲመች አጠጋግቼ እነግራችኋለሁ። የመጀመሪያው አዘዞ አካባቢ ቆርቆሮ፣ ብረትና ሲሚንቶ የሚያከፋፍል ነጋዴ ነበር። በሰኔ 30 መግለጫው ጥሬ ገንዘብ 1 ሚሊዮን ብር፣ ተሰብሳቢ 8 ሚሊዮን፣ የዕቃ ክምችት 4 ሚሊዮን፣ ቅድሚያ የተከፈለ የመጋዘን ኪራይ 1 ሚሊዮን፣ በጠቅላላው 14 ሚሊዮን ብር አሳይቷል። የአጭር ጊዜ ዕዳው 8 ሚሊዮን ነበር። ከረንት ሬሾው 1.75፣ ኩዊክ ሬሾው 1.13 ስለሆነ ቅጹ «ብቁ» አለው።

የተሰብሳቢውን ዝርዝር በዕድሜ ከፋፍሎ ያየ ሰው ግን አልነበረም። ከ8 ሚሊዮኑ 5 ሚሊዮኑ የአንድ ኮንትራክተር ዕዳ ነበር፤ ኮንትራክተሩ የክፍያ ሰርተፍኬቱ ስላልጸደቀለት ከዓመት በላይ ሳይከፍል ቆይቷል። እሱን አውጥታችሁ ስታሰሉ ከረንት ሬሾው ወደ 1.13፣ ኩዊክ ሬሾው ወደ 0.5 ይወርዳል። ነሐሴ ላይ የ5 ሚሊዮን ኦቨርድራፍቱ መታደሻ ሲደርስ ነጋዴው የሚያስገባው ገንዘብ አልነበረውም። ከዕዳው ውስጥ የትኛው በዚያ ወር እንደሚጠየቅ ሬሾው አይነግረንም፤ በሐምሌ የሚከፈለውንና በሚቀጥለው ግንቦት የሚከፈለውን እኩል ነው የሚደምረው።

ሁለተኛው አመልካች ሰሊጥ ከመተማ ገዝቶ የሚያቀርብ ነጋዴ ነበር። የታኅሣሥ 30 መግለጫው ጥሬ ገንዘብ 1 ሚሊዮን፣ ተሰብሳቢ 1 ሚሊዮን፣ ሰሊጥ 6 ሚሊዮን ብር ሲያሳይ የአጭር ጊዜ ዕዳው 5 ሚሊዮን ነበር። ከረንት ሬሾው 1.6 ቢሆንም ኩዊክ ሬሾው 0.4 ስለሆነ ተከለከለ። ያ ሰሊጥ ደረጃው ወጥቶለት፣ የመጋዘን ደረሰኝ ተቆርጦለት በምርት ገበያ ለመሸጥ የተዘጋጀ ነበር፤ በቀናት ውስጥ ገንዘብ ይሆናል። ኩዊክ ሬሾ «ቀርፋፋ» ብሎ ያወጣው ሰሊጥ፣ «ፈጣን» ብሎ ካስገባው የኮንትራክተር ዕዳ እጅግ ይፈጥን ነበር! በእርግጥ የሰሊጥ ዋጋ ሊወርድ ስለሚችል የገበያውን ዋጋ በመጠኑ ቀንሶ መገመት ይገባል፤ ዋጋውን ዜሮ ማድረግ ግን ትንተና አይባልም። የመከልከል ደብዳቤው ላይ ከኩዊክ ሬሾው በቀር ሌላ ምክንያት አለመጻፉ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

የቀን ነገርም አለ። የብረት ነጋዴው ሰኔ 29 ያለችውን 1 ሚሊዮን ጥሬ ገንዘብ ለአቅራቢው ቢከፍል፣ ሀብቱ 13፣ ዕዳው 7 ሚሊዮን ይሆናል። ከረንት ሬሾው ወደ 1.86፣ ኩዊክ ሬሾውም ወደ 1.14 ከፍ ይላል፤ በካዝናው ግን አንድ ብር አይኖርም። ሬሾው ከአንድ በላይ እስከሆነ ድረስ ዕዳ መክፈል ያሳምረዋል፤ ከአንድ በታች ሲሆን ደግሞ ያው ክፍያ ያባብሰዋል። ስለዚህ የሰኔ 30 ቁጥር ብቻውን ሲቀርብላችሁ የግንቦትንና የሐምሌን የባንክ ስቴትመንት አብራችሁ ጠይቁ። የሰሊጥ ነጋዴም ቢሆን በኅዳርና በሰኔ ሁለት የተለያየ መልክ አለው፤ ዝርዝሩን ሥልጠናው ላይ ስላያችሁት አልደግመውም።

የብድር ክፍል ኃላፊዎች እዚህ ስላላችሁ ጥያቄዬን በቀጥታ ለእናንተ አቀርባለሁ። በማመልከቻ ቅጻችሁ ላይ ከሬሾው መስመር በላይ ሁለት ሠንጠረዦች ይጨመሩ፤ አንዱ ተሰብሳቢውን በ30፣ በ60፣ በ90 ቀንና ከዚያ በላይ የሚከፋፍል፣ ሌላው ዕዳውን በሚከፈልበት ወር የሚዘረዝር ይሁን። ሁለቱ ሳይሞሉ ሬሾ የሚጻፍበት ሳጥን ባዶውን ይቆይ።

አመሰግናለሁ።